አዲስ ገብስ ለምን አልበቅል ይላል? ስለ አብሲሲክ አሲድ ጥያቄና መልስ

ውኃ ሲያጥር የቅጠሉን ቀዳዳዎች የሚያዘጋው፣ ዘሩንም ለደረቅ ጎተራ የሚያዘጋጀው አንድ ሆርሞን ነው፤ አብሲሲክ አሲድ። ጎንደር ውስጥ ዘር መመርመር ሥራዬ ስለሆነ ጥያቄዎቹን ከዚያው አንጻር እመልሳለሁ።

ከማራኪ፣ ተማሪ፦ «ቅጠሉ ላይ ያለችው ቀዳዳ እንዴት ነው የምትዘጋው? በር የላት!»

በዓይን ማየት ከፈለግህ ከአጥር ሥር የውሃ አንቁር ቁረጥ። ከቅጠሉ ጀርባ ስሱን ሽፋን ቀስ ብለህ ላጠው። ትንሽ የፖታሲየም ጨው ያለበት ውኃ ላይ አድርገህ ብርሃን ላይ አቆየውና በማይክሮስኮፕ እየው። በእያንዳንዷ ቀዳዳ ግራና ቀኝ ሁለት የኩላሊት ቅርጽ ያላቸው ሴሎች አሉ። ውኃ ጠጥተው ሲወጠሩ ወደ ውጭ ይጎብጣሉ፤ መሃላቸው ይከፈታል። አብሲሲክ አሲድ ጠብ ብታደርግበት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሲሟሽሹና ክፍተቱ ሲጠብ ታያለህ።

ከውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሴሉ ውስጥ ሁልጊዜ የተያዘ ፍሬን አለ። ሆርሞኑ ተቀባዩ ፕሮቲን ላይ ሲቀመጥ፣ ተቀባዩ ሄዶ ያንን ፍሬን ያስለቅቀዋል። ታፍኖ የነበረው ኤንዛይም ይለቀቅና ቦዮችን ይከፍታል። መጀመሪያ ክሎራይድና መሰሎቹ ይወጣሉ፤ ፖታሲየም ይከተላል፤ ውኃውም ይከተላል። ተቀባዮቹ ተለይተው የታወቁት በ2009 ነው። ሆርሞኑ ራሱ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ ማን እንደሚቀበለው ለማወቅ ግን ያን ያህል ዘመን ፈጀ።

ከአራዳ፣ ግብርና ያጠና፦ «እኛ የተማርነው ሥሩ ድርቀቱን ቀድሞ አውቆ፣ ሆርሞኑን ሠርቶ ወደ ቅጠል እንደሚልክ ነው። ይኼ መነሳት ነበረበት።»

ግማሹ ልክ ነው። ሥርም ይሠራል፣ በግንዱ ውኃም ይወጣል። ነገር ግን የአንዱን ሥር ከሌላው ግንድ ጋር የማጋጠም ሙከራውን አስብ። አብሲሲክ አሲድ በወጉ መሥራት የማይችሉ የቲማቲም ዓይነቶች አሉ፤ ትንሽ ሲሞቅ ይጠወልጋሉ። የነዚህን ሥር ከጤነኛ ቲማቲም ግንድ ጋር አጋጥመው አፈሩን ሲያደርቁት፣ የላይኛው ቅጠል ቀዳዳውን ዘጋ። ሥሩ ሳይልክለት ማለት ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ የሚሠራው እዚያው ቅጠሉ ውስጥ ነው።

ሥር ዝም ይላል ማለት ግን አይደለም። በ2018 በወጣ ሥራ፣ አራቢዶፕሲስ በምትባል የላብራቶሪ ተክል ላይ ሥሩ ፔፕታይድ የምትባል አንዲት ትንሽ የፕሮቲን ቁራጭ እንደሚልክና ቅጠሉ ያንን ተቀብሎ ሆርሞኑን ራሱ እንደሚሠራ ታይቷል። በስንዴና በጤፍ ላይ ይህ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ገና አከራካሪ ነው።

ከአዘዞ፣ ጠላ ጠማቂ፦ «ዘንድሮ የገባውን ገብስ ለብቅል ዘፍዝፌ በኮባ ሸፈንኩት። እኩሌታው እንኳ አልበቀለም። የአምናው ደህና ነበር። ሞቶ ነው? ነጋዴው አታሎኝ ይሆን?»

እትዬ፣ ነጋዴውን ገና አይክሰሱት። ገብሱ ተኝቶ ሊሆን ይችላል።

ፍሬው እናቱ ላይ ሳለ፣ እሸቱ እየጠነከረ ሲሄድ አብሲሲክ አሲዱ ይበዛል። ያን ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ፅንሱ መድረቅን እንዲችል መከላከያ ፕሮቲኖችና ልዩ ስኳሮች እንዲያከማች ያደርጋል። ውኃው ሲወጣ የሴሉ ውስጥ እንደ ጠርሙስ ጠጥሮ ይቆያል እንጂ አይፈርስም። ሁለተኛ፣ ማሳው ላይ ዝናብ ቢነካው እንኳ ቶሎ እንዳይበቅል ይይዘዋል።

አሁን የሚገርመው ነገር። ደረቁን አዲስ ገብስና ደረቁን አሮጌ ገብስ ብንለካቸው የሆርሞኑ መጠን ብዙም አይለያይም። ልዩነቱ የሚመጣው ሲዘፈዘፉ ነው። የአሮጌው ፅንስ ውኃ እንዳገኘ ሆርሞኑን የሚያፈርስ ኤንዛይም ያወጣል፤ በሰዓታት ውስጥ ይቀንሰዋል። አዲሱ ግን ይህን በደንብ አያደርግም። ስለዚህ እርጥብ ሆኖ ይተኛል። ደርቆ ሲከርም ነው ይህን ችሎታ የሚያገኘው።

መሞቱንና መተኛቱን እንዲህ ይለዩት። መቶ ፍሬ ይቁጠሩ። ሃምሳውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ቤት ውስጥ ያኑሩ። ሃምሳውን በእርጥብ ጨርቅ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከበረዶው ቦታ ውጭ፣ ከሦስት እስከ አምስት ቀን አቆይተው ወደ ቤት ያውጡት። ከወጣ ከሳምንት በኋላ ይቁጠሩ። ለምሳሌ ቤት ከነበረው 19፣ ከቀዘቀዘው 44 ቢበቅል፣ ገብሱ ሕያው ነው፤ ተኝቶ ነበር። ቅዝቃዜው ይቀሰቅሰዋል። ሁለቱም ጋ ያልበቀለው ሲጫኑት ከለሰለሰና ከሻገተ ግን ሞቷል። የተኛ ፍሬ ጠጣር ሆኖ ይቆያል።

ሁለቱም ደህና ከበቀሉ ደግሞ ችግሩ አዘፋፈዙ ላይ ነው። ገለባው አየር ይሻማዋል፤ ውኃ ውስጥ ተደፍቆ ሲያድር ፅንሱ ይታፈናል። ለጥቂት ሰዓት ዘፍዝፈው ያጥልሉት፣ አየር ይንካው፣ ከዚያ ይድገሙት።

እሷው፦ «ስንት ወር ላቆየው ታዲያ?»

ቁርጥ ያለ ቁጥር ብሰጥዎ እዋሻለሁ። እንደ ዝርያው ይለያያል፤ ከሳምንታት እስከ ወራት ይሄዳል። ፍሬው ሲሞላ አየሩ ቀዝቃዛ ከነበረ እንቅልፉ ይጠነክራል። የደባርቅ ወይም የዳባት ገብስ ከሆነ ከቆላማው ይልቅ እንደሚዘገይ እጠብቃለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ሃምሳ ፍሬ እየሞከሩ ይከታተሉት።

ከደምቢያ፦ «ሆርሞኑ ከካሮት ቢጫ ቀለም ይሠራል የሚባለው እውነት ከሆነ፣ ነጭ በቆሎ የለውም ማለት ነዋ! የእኔ ነጭ በቆሎ በዝናብ ጊዜ እዛላው ላይ በቅሎብኝ ነበር።»

መነሻው እውነት ነው። ተክሉ ከካሮት ቀለም ዘመዶች ቆርጦ ነው የሚሠራው። ግን ነጭ በቆሎ ቀለሙ የጎደለው ከምንበላው ከዱቄታማው ክፍል ብቻ ነው። ቅጠሉና ፅንሱ ይሠራሉ። መንገዱ ከሥሩ የተበላሸበት በቆሎ ሌላ ነው፤ ፍሬው ገና እናቱ ላይ ሳለ ይበቅላል፣ ቡቃያውም ነጭ ሆኖ ይወጣና ይሞታል። የእርስዎ ቡቃያ አረንጓዴ ከነበረ ያ አይደለም። ደርሶ ሳይሰበሰብ ዝናብ ደጋግሞ መትቶት ነው። ስንዴም ማሽላም እንዲሁ ይሆናሉ፤ የዝርያቸው እንቅልፍ ቀላል ከሆነ ቀድመው ያጭዱ።

ከቀበሌ 18፦ «ቅጠል የሚያረግፈው ይኼ ነው አይደል? ሎሚዬ ቅጠሉን ጨርሷል። ምን ልርጭበት?»

በማርገፉ ዋናው ኤቲሊን የሚባል ሌላ ሆርሞን ነው። ምንም አይርጩ፤ መጀመሪያ ሥሩ ጋ ቆፍረው ውኃ አንሶት ወይም ተኝቶበት እንደሆነ ይዩ።

ከአይራ፦ «የማንጎ ዘር አድርቄ እስከ ክረምት ላቆይ ነበር።»

እንዳታደርገው። ማንጎ እንደ ገብስ የመድረቅ ዝግጅት አያልፍም፤ ከደረቀ ይሞታል። በልተህ ሳትቆይ ትከለው። አቮካዶም እንዲሁ ነው። ገብስና ስንዴ ግን በደረቁ ቁጥር ዕድሜያቸው ይረዝማል። ከ14 በመቶ እርጥበት በታች እስከ 5 በመቶ ገደማ፣ በየአንድ በመቶው ቅናሽ ዕድሜው በግምት እጥፍ ይሆናል።

እሱው፦ «እርጥበቱን በምን ልለካ? መሣሪያ የለኝም።»

ደረቅ ብርጭቆ ዕቃ ውሰድ። ሲሶውን እህል ሙላ፣ የደረቀ ጨው ጥቂት ማንኪያ ጨምርበት፣ ክደነውና ነቅንቀው፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ እየው። ጨው ብርጭቆው ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ ያልፋል፤ ወደ አውድማው መልሰህ አስጣው። ካልተለጠፈ ወደ ጎተራ ይግባ።