ከመግባቴ በፊት፣ ከገባሁ በኋላ

ጥያቄ፦ «የታክሲ መጨናነቅ ሚም ገና ከመለጠፉ ከየአቅጣጫው የሚላክልኝ ለምንድን ነው? ሌላው ቀልድ እኮ እንዲህ አይሮጥም።»

ወንድሜ፣ እኔ ባሕር ዳር ነኝ፤ ከዓባይ ማዶ ወደ ጊዮርጊስ እየተመላለስኩ ነው የምሠራው። አንዲት ትንሽ የቴሌግራም ቻናልም አለችኝ፣ የከተማችንን ቀልድ እለጥፍባታለሁ። እዚያ ካየሁት ልንገርህ።

ብዙ ሰው «ሁላችንም ስለምንጋፋ ነው» ብሎ ያልፈዋል። መብራትም እኮ ለሁላችንም ይጠፋል፤ የመብራት ቀልድ ግን እኔ ጋ የታክሲውን ያህል ዞሮ አያውቅም። ችግሩ የጋራ መሆኑ ሰውን ያስቃል እንጂ «ይሄንንስ ለእገሌ ልላክለት» አያሰኘውም።

ሁለት ነገር ለጥፌ ያየሁትን ላሳይህ። አንደኛው ጢም ብሎ የሞላ ሚኒባስ ፎቶ ነበር፣ «የእኛ ከተማ ታክሲ» የሚል ጽሑፍ ያለበት። የሳቅ ምልክቱ በዛ፣ ወደ ሌላ ያስተላለፈው ሰው ግን ጥቂት ነው። ሁለተኛው ለሦስት ሰው በተሠራው የኋላ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኖ ስለሚገባው ሰው ነው። ከላይ «ከመግባቴ በፊት፦ ጠጋ ጠጋ በሉልኝ እንጂ፣ ሁላችንም መንገደኛ ነን»፤ ከታች «ከገባሁ በኋላ፦ ረዳት፣ ሞልቷል እኮ! ዝጋውና ሂድ!» ይላል። ይሄኛው ከኔ ቻናል ወጥቶ ሄደ። በማግስቱ የማላውቀው ግሩፕ ውስጥ አገኘሁት።

ልዩነቱ የት እንደሆነ ልብ በል። በፎቶው ላይ ሁላችንም ተበዳይ ነን፤ ተበዳይ ደግሞ ለተበዳይ የሚልከው አዲስ ነገር የለውም። በሁለተኛው ግን ያው ተበዳይ በአምስት ደቂቃ ውስጥ በዳይ ይሆናል። ጓደኛህ እንደዚህ ሲያደርግ አይተኸዋል፤ አንተም አድርገኸዋል፣ እሱም አይቶሃል። ስለዚህ ሚሙ በእጅህ ሲገባ «ይሄ አንተ ነህ» ብለህ ትልክለታለህ። እሱ ደግሞ ዝም አይልም፤ ያኔ አብራችሁ የነበረውን ሦስተኛውን ጠርቶ ለእሱ ይልካል። የሚሮጠው በዚህ መንገድ ነው፣ በስም ተጠርቶ፣ ከሰው ወደ ሰው።

ሌላው ምክንያት ታክሲ ውስጥ አፋችንን መያዛችን ነው። ክረምት ላይ አንዷ «መስኮቱን ክፈቱት፣ ታፈንን» ስትል ከኋላ አንድ አባት «ብርድ ይመታናል፣ ዝጉት» ይላሉ። የቀረነው ዐሥሩ ሰው ሐሳብ አለን፤ ግን ከትልቅ ሰው ጋር ማን ይከራከራል? ስልካችንን ነው የምናየው። ያልተናገርነውን ሁሉ ሆዳችን ውስጥ ይዘን እንወርዳለን፤ ሚሙ ሲመጣ ተናጋሪ ያገኘን ይመስለናል።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት 11:30 ሲወጣ፣ ሰልፍ ላይ ቆመን ወይም ጉልበታችን የፊተኛውን ወንበር ገፍቶ ተቀምጠን ሳለ የተለጠፈ ይቀጣጠላል። ያንኑ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ብትለጥፈው «ሃሃ» ይባልና ያልፋል፤ ሰውየው ቤቱ ገብቶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ንዴቱ ወጥቶለታል። ጆና በርገርና ካትሪን ሚልክማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ የሚያስደንቁ፣ የሚያናድዱ ወይም የሚያስጨንቁ የኒው ዮርክ ታይምስ ጽሑፎች ይበልጥ ለሰው ሲላኩ፣ የሚያሳዝኑት ግን ያን ያህል እንደማይላኩ አሳይተዋል። እነሱ ያጠኑት ጋዜጣ እንጂ ሚም አይደለም፤ የሰልፉን ሰዓት ጉዳይ ግን በደንብ ይገልጽልኛል።

የማይሄደውንም ልንገርህ። በረዳቱ ልብስ ወይም ከገጠር ዕቃ ይዞ በመጣ መንገደኛ ላይ የሚቀልድ ሚም እኔ ጋ ቶሎ ይሞታል፤ ኮሜንቱ ወደ ስድብ ይገባል፣ ማንም «ይሄ አንተ ነህ» ብሎ ለወዳጁ አይልከውም። የታሪፍ ጭማሪ ቀልድ ደግሞ በአንድ ቀን አገር ያዳርሳል፤ ሰው ዋጋውን ሲለምደው ግን አብሮ ይረሳል። የአራተኛው ሰው ቀልድ ግን መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት ራሱን ችሎ ይመለሳል።

ከአዲስ አበባ የሚመጣውም እንዲሁ አይቀርም፤ «መገናኛ» የሚለው ተሰርዞ «ዓባይ ማዶ» ይጻፍበታል። የኔው ሚም ደብረ ማርቆስ ደርሶ ሲመለስ ደግሞ ወንበሩ የባጃጅ የኋላ መቀመጫ ሆኖ፣ አራተኛው ሰው ከሹፌሩ ጎን ተለጥፎ አየሁት።

አንተም መሞከር ከፈለግህ ኮሜንቱን እይ። «እውነት ነው»፣ «ልክ ነህ» ከበዛ ሰው አንብቦ አልፎታል ማለት ነው። ሌላ ቃል ሳይጨመር የሰው ስም ብቻ እየተጠራ ከሆነ ግን ሄዷል፤ አንተ ሌላውን አዘጋጅ።