ወለዱን በየወሩ እየወሰድኩ ውሉን ባፈርሰውስ?

«ሐዋሳ ላይ ሱቅ ሸጬ 300,000 ብር አለኝ። ለአንድ ዓመት በጊዜ ገደብ ላስቀምጠው ነው። ወለዱን በየወሩ ልውሰድ ወይስ በመጨረሻ? መሀል ላይ ባወጣውስ?»

እህቴ፣ ሁለቱ ጥያቄዎችሽ የተያያዙ ናቸው። ባንኩ 12 በመቶ ሰጠሽ እንበል (ወለዱ በድርድር ስለሚወሰን ሁለት ሦስት ባንክ ጠይቂ)። ግብሩን ሳንቆጥር በየወሩ 3,000 ብር ወደ ቁጠባ ሂሳብሽ ይገባል፤ በመጨረሻ ካልሽ ደግሞ 36,000 ብር በአንዴ። ለቤት ወጪ የሚሆን ሌላ ገቢ ከሌለሽ የወሩ ይሻልሻል።

ችግሩ ውሉ ሲፈርስ ነው። ብዙ ጊዜ ባንኩ የ12ቱን በመቶ ይሰርዝና ገንዘቡ በቆየበት ጊዜ ልክ በተራ ቁጠባ ወለድ ያሰላዋል። በስምንተኛው ወር መጨረሻ አወጣሽ፣ የቁጠባውም 7 በመቶ ነው እንበል፤ የሚገባሽ 14,000 ብር ይሆናል። አንቺ ግን እስከዚያ 24,000 ወስደሻል። ልዩነቱ 10,000 ብር ከዋናው ላይ ይቀነስና 290,000 ይዘሽ ትወጫለሽ። ብዙ ሰው ባንክ ቤት የሚጣላው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ ውል ጭራሽ ወለድ አይከፍልም፤ ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት «ከጊዜው በፊት ቢወጣ» የሚለውን አንቀጽ ራስሽ አንብቢው።

እኔ ብሆን ገንዘቡን በሦስት የ100,000 ውል እከፍለው ነበር። ድንገት ቢቸግርሽ አንዱን ብቻ ታፈርሻለሽ፣ የሁለቱ ወለድ አይነካም። ደግሞም ሊያልቅ አንድ ወር ብቻ ቀርቶት ከሆነ ከማፍረስሽ በፊት ተቀማጩን አስይዘሽ መበደር ይቻል እንደሆነ ጠይቂ፤ የአንድ ወር የብድር ወለድ ውሉን በማፍረስሽ ከምታጪው ወለድ ሊያንስ ይችላል።