የጠፋ ቻናል በማኑዋል ሰርች

«ለገጣፎ ነኝ። ኢትዮሳት ላይ አንድ ቻናል ጠፋብኝ፣ ሌሎቹ ይሠራሉ። ፍሪኩዌንሲ አስገባ ይሉኛል፤ እንዴት ነው?»

ወንድሜ፣ ሌሎቹ ከሠሩ ዲሹን አትንካው። ቻናሉ ፍሪኩዌንሲ ቀይሮ ይሆናል። አዲሱን ቁጥር ከራሱ ከቻናሉ ማስታወቂያ ውሰድ። 11545 H 45000 ተባልክ እንበል። ሜኑ ውስጥ የኢትዮሳትን ሳተላይት NSS 12ን ምረጥ፣ TP በሚለው የፍሪኩዌንሲ ዝርዝር ላይ አዲስ ጨምር። ፍሪኩዌንሲው 11545፣ ፖላራይዜሽኑ H፣ ሲምቦል ሬቱ 45000 ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ የመጨረሻው ላይ ነው። ብዙ ሪሲቨር 27500 ሞልቶ ይጠብቅሃል፤ እሱን ሳትቀይር ሰርች ብትል ባዶ እጅህን ትቀራለህ።

ሰርች ከማለትህ በፊት ሁለቱን መስመሮች እያቸው። Strength አያታልልህ፤ ዲሹ ሌላ አቅጣጫ ቢያይ እንኳ ከፍ ሊል ይችላል። ቁም ነገሩ Quality ነው። እሱ ከተነሳ ይዟል፣ ሰርች በል። ዜሮ ላይ ከቆመ ወደሚሠራልህ ቻናል TP ሂድና አወዳድር። እዚያ Quality ካለ መጀመሪያ ያስገባኸውን ቁጥር በየአሃዙ ደግመህ አረጋግጥ። ቁጥሩ ልክ ሆኖም ዜሮ ካለ፣ ያረጀ ሪሲቨር ያንን ሥርጭት ላያነብ ይችላል።

የተገኘው ቻናል ብዙ ጊዜ ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። ፋክተሪ ሪሴት የሚልህን ጎረቤት ግን አትስማ፤ ያሉህንም ያጠፋብሃል።