አምስት ሳጥን ብቻ ነበር

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ባልደረባዬ «ጋሼ፣ ዋይትቦርዱ ላይ የሣልነውን ሲስተም በዶት ልጽፈው ነው፤ ከየት ልጀምር?» አለችኝ። ዶት ሳጥንና ቀስትን በጽሑፍ የምንገልጽበት ቋንቋ ነው። የመለስኩላት ቶሎ ነው። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ያኔ ቃሊቲ አካባቢ አንድ መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር። ከጎናችን እህል ይራገፋል፤ ሰሌዳው ሁሌም አቧራ ነው። አንድ ቀን ሽያጭ ወደ ሂሳብ፣ መጋዘን ወደ ሂሳብ፣ ሂሳብ ወደ ሪፖርት የሚሄዱ ቀስቶች በማርከር ሣልን። እኔ ቤት ወስጄ ዶትን ወደ ሥዕል ለሚቀይረው ለግራፍቪዝ ጻፍኩት፤ በኩራት፣ ስሞቹን ሁሉ በአማርኛ፦

```
digraph {
  "ሽያጭ" -> "ሂሳብ"
  "መጋዘን" -> "ሒሳብ"
  "ሂሳብ" -> "ሪፖርት"
}
```

አያችሁት? ሁለተኛው መስመር ላይ «ሒ» አለ። ለእኛ ያው ነው፤ ለዶት ግን ሌላ ስም ነው። ዶት ደግሞ ስሞችን አስቀድማችሁ አስመዝግቡ አይልም። አዲስ ስም ካየ ዝም ብሎ አዲስ ሳጥን ይሠራል፤ ስህተት ነው ብሎም አይጮህም። አራቱ ሳጥን አምስት ሆነ። ሥዕሉ ንጹሕና ያማረ ስለነበር ማንም አልጠረጠረም። አለቃችን «ከመጋዘን ወጥቶ የትም የማይደርሰው ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ስለዚህ ከመጋዘን የሚወጣው ማገናኛ ተቆረጠ። ወር ሲያልቅ ሪፖርቱ ላይ የመጋዘኑ ሂሳብ የለም። የሰሌዳውን ሥዕል ቀድመን አጥፍተነዋል። ሦስት ቀን ፈለግን። ጥፋቱ የእኔ ፊደል መሆኑን ሳውቅ ለማንም አልተናገርኩም፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ስለዚህ አሁን የውስጡን መለያ በላቲን አጭር አድርጌ፣ የሚታየውን ጽሑፍ ብቻ በአማርኛ አደርጋለሁ፦

```
digraph {
  rankdir=LR
  node [shape=box]
  hisab [label="ሂሳብ"]
  megazen [label="መጋዘን"]
  megazen -> hisab
}
```

ጥቅሙ ይህ ነው፦ ቀስቱ ላይ መለያውን ብትሳሳቱ አዲሱ ሳጥን ጽሑፍ ስላልተሰጠው በላቲን ስሙ ይወጣል። በአማርኛ ሳጥኖች መካከል ባዕድ ሆኖ ዓይን ውስጥ ይገባል። በአማርኛ ብቻ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ለራሴ ማስታወሻ አሁንም እንደዚያው እጽፋለሁ።

የናንተ ትውልድ ሰሌዳውን በስልክ ፎቶ አንስቶ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። በእኛ ጊዜ ፎቶ ቢኖር ይህ ሁሉ ባልሆነ፤ ስለዚህ አንሱ። ግን ሰሌዳው ሳይጠፋ ሳጥኖቹን በጣት ቁጠሩ። ከዚያ ይህን ትዕዛዝ ስጡ፦

```
gc -n sile.dot
```

ይህ በፋይሉ ውስጥ ያሉትን ሳጥኖች ቆጥሮ ይነግራችኋል። ጫፍ የሌለው ቀስት ካገኛችሁ ደግሞ አትገምቱ፤ የሣለውን ሰው ጠይቁ።

ልጅቷ ትናንት መጣች። ሰሌዳው ላይ ስድስት ናቸው፤ ትዕዛዙ ሰባት አላት። ሥዕሉን ስትከፍተው ጥግ ላይ `megzen` የሚል ሳጥን ቆሟል። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።