ሰፌዱን ግዛ፣ «አሮጌ ነው» የተባለውን መስቀል ተወው

«ደሴ ነው የምኖረው። አብራኝ የሠራች የውጭ አገር ወዳጄ በቅርቡ ወደ አገሯ ትመለሳለች። የወሎ የእጅ ሥራ ልሰጣት አስቤ መሶብ፣ ጋቢ ወይስ ከላሊበላ መስቀል የሚለው አልለይልህ አለኝ። ሻንጣዋ ሊሞላ ነው፣ የእኔም ኪስ ብዙ አይችልም። ያያችሁት ካለ አካፍሉኝ።»

ወንድሜ፣ እኔም ኮምቦልቻ ሆኜ ይህንኑ ጣጣ ለአንዲት ዴንማርካዊት ወዳጄ አይቼዋለሁ። ያየሁትን በቁጥር ልንገርህ።

1. መሶቡን ከሐሳብህ አውጣ። ክብደት የለውም፣ ቦታ ግን ይበላል። ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ በእጅ ይዛው ስትሄድ ደግሞ አውሮፕላን ላይ ትጨቃጨቅበታለች። ጋቢ መልካም ስጦታ ነው፤ ነገር ግን አራት ድርብ ስለሆነ የሻንጣዋን ኪሎ ይሻማል። ጀበናም እስኪደርስ ይሰበራል።

2. ሰፌድ ግዛ። ጠፍጣፋ ነው፣ ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ታገኛለህ፣ እዚያ ስትደርስ ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለች። ከመግዛትህ በፊት የሻንጣዋን ወለል በክር ለካና ክሩን ይዘህ ገበያ ውጣ። ሰኞ ባቲ መውረድ ከቻልክ ከሰፋችው ሴት እጅ ትገዛለህ። ዋጋውን በስፋቱ አትመዝነው፤ ልፋቱ ያለው በስፌቱ ጥቅጥቅነት ላይ ነው። ሰፌዱን ወደ ፀሐይ አንሣና እይ፤ ብርሃን በመሃሉ ካሳለፈ ስፌቱ ላልቷል ማለት ነው። ገልብጠህ ጀርባውን እይ፣ እምብርቱንም በጣትህ ዳስሰው። መሃሉ ጎብጦ የተጀመረ ሰፌድ ዳሩ ቀጥ አይልም። ቀለሙን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሸት አድርገው፤ ጨርቁን ካቀለመ የወዳጅህን ልብስ ያበላሻል። አሁን አሁን ከስንደዶና ከአክርማ ጋር የማዳበሪያ ከረጢት ክር የሚቀላቅሉ አሉ። የተረፈች ጫፍ ካለች ቆርጠህ በክብሪት ለኩሳት፤ ሣር ዐመድ ይሆናል፣ ፕላስቲክ ቀልጦ ይጠጥራል።

እኔ ያስያዝኳትን ሰፌድ አክስቴ ናት የሰፋችው። ወስፌ ይዛ ስትቀመጥ ቀና የማትል ሴት ናት። ቀይና ጥቁሩን ራሷ ነክራ፣ ዙሩን ሳታዛባ ጨረሰችው። በላስቲክ ከተጠቀለለ ይሻግታል ብላ ጥላ ላይ አድርቃ በነጠላ ጠቀለለችልኝ። ዛሬ ኮፐንሃገን ውስጥ የአክስቴ እጅ ሥራ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ እኔም ይህን ስናገር ደስ ይለኛል።

3. መስቀሉ። ንዴቴ እዚህ ላይ ነው። ወዳጄ እኔ ሳልኖር ከአንድ የቱሪስት ዕቃ መደብር የነሐስ መስቀል ገዝታ ነበር። ባለመደብሩ «ሁለት መቶ ዓመት የሆነው፣ ከአንድ መነኩሴ የተገኘ» ብሎ ከሰፌዱ ብዙ እጥፍ አስከፍሏታል። ሳየው መላ አካሉ እኩል ጠቁሯል። በእውነት እጅ ያሸው መስቀል እንዲህ አይሆንም፤ ከፍ ያለው ጠርዝና መያዣው ያብረቀርቃል፣ ጥቁሩ ስርጉዱ ውስጥ ይቀራል። በእርጥብ ጨርቅ ስጠርገው ጥቁሩ ለቀቀ። ባለመደብሩ ዘንድ ሄጄ «አዲስ ሥራ ነው ብለህ ደረሰኝ ጻፍልን» አልኩት። በሰው ፊት «አንተ ነህ የአገርህን ቅርስ የምታረክስ!» ብሎ ጮኸብኝ፤ ደረሰኙንም ገንዘቡንም ከለከለን።

ነገሩን ልብ በል። ዕቃው በእውነት አሮጌ ከሆነ ቅርስ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። አዲስ ከሆነ ደግሞ ተታለሃል፤ አሮጌ መስሎ ስለተሠራም ፈታሹ ይይዘዋል። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ቤልጂየም ከተገኘ ወዲህ መስቀል ሲያዩ ቢጠነቀቁ አልፈርድባቸውም። የፈታሹ አነጋገር ግን ዛሬም ያንገበግበኛል። ሻንጣዋን በሰው ፊት ዘርግፎ «ሌባ ሁሉ እንግዳ ነኝ ይላል» አላት። ከቅርስ መሥሪያ ቤት ማረጋገጫ እንድታመጣ ታዘዘች። አውሮፕላኑ አይጠብቅ፣ መስቀሉ እዚያው ቀረ። ሰፌዱን ግን አገላብጦ አይቶ መለሰላት።

መስቀል የግድ ካልክ ከሚቀርጸው ሰው አዲስ የእንጨት መስቀል ግዛ፤ ቀላል ነው፣ አዲስነቱም ያስታውቃል። «አዲስ የእጅ ሥራ» ተብሎ የተጻፈ ደረሰኝም ተቀበል። ገንዘብ ከተረፈህ ክዳን ያላት ትንሽ ሙዳይ ጨምርላት፣ ጌጧን ትከትባታለች፤ ውስጧ ካልሲ ጠቅጥቀህ ብትልካት ቦታ አትወስድም።

ወዳጅህ የምትሄደው አውስትራሊያ ወይም ኒውዚላንድ ከሆነ የሣር ሥራ መያዟን ስትገባ ታስመዝግብ። እዚያ ፍሬ ወይም ነፍሳት ያለበት ሣር ይወረሳልና ከመጠቅለልህ በፊት ዳሩን ገልጠህ በደረቅ ብሩሽ አራግፈው።