አራቱ አምስቶች

ጥያቄ

ይድረስ ለእርስዎ፣

የምጽፍልዎ ትዕግሥቴ ስላለቀ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የክትባት ክፍል ተጠሪ ሆኜ 5 ዓመት ሠርቻለሁ። ባለፈው ሰኔ አንድ አርብ መብራት ሄዶ፣ ቆይቶ ሲመጣ የክትባት ፍሪጁ 9 ዲግሪ ያሳያል። የድሬን ሰኔ ያውቁታል። እንዳይሞቅብኝ ፈርቼ ቴርሞስታቱን ወደ ቀዝቃዛው አዞርኩና 11 ሰዓት ላይ ወጣሁ። ቅዳሜና እሁድ ተረኛ የነበረው ነርስ ገባ ብሎ ማየት ነበረበት። አላየም። «ማንም አልነገረኝም» ነው መልሱ። ተረኛ ክፍሉ እኮ ከፍሪጁ ፊት ለፊት ነው!

ሰኞ ጠዋት የሙቀት መመዝገቢያ ቅጹ ላይ የቅዳሜና የእሁዱ እንደተለመደው በ5 ተሞላ። ከዚያ ፍሪጁን ስከፍት የሕፃናት ክትባት የሆነው የፔንታ ሳጥኖቹ በረዶ ሆነዋል። ወዲያው ለኃላፊዬ ተናገርኩ። 46 ቫያል ተወገደ፣ ሌላ እስኪመጣ 4 ቀን ጠበቅን። ለማንም ልጅ አልተሰጠም። በወሩ መጨረሻ ሱፐርቫይዘሮች መጥተው ቅጹን ከኤሌክትሮኒክ መመዝገቢያው ጋር ሲያስተያዩ ማስጠንቀቂያ የተጻፈው ለእኔ ብቻ ነው። ለእሱ ደብዳቤ ይቅርና ቃል የተናገረው የለም። ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም። እኔ ግን የተረኛ ዝርዝር አውጥቼ ለጥፌያለሁ፣ ቴርሞስታቱንም በፕላስተር አሽጌዋለሁ።

አሁን ሌላ ቦታ ሥራ እየፈለግኩ ነው። ባለፈው ቃለ መጠይቅ ላይ «በሥራሽ ያጠፋሽውን ንገሪን» ሲሉኝ «ሥራ ስለማበዛ ራሴን እጎዳለሁ» አልኩ። ተያዩና ሳቁ። ሐሙስ ደግሞ ለአንድ የክትባት መጋዘን እፈተናለሁ። ይህንን ታሪክ ልናገር ወይስ ልተወው? ብናገርስ የሰውየውን ጥፋት ካላነሳሁ እንዴት እውነት ይሆናል?

ግራ የገባኝ፣ ከሳቢያን

መልስ

የድሬ ልጅ ሆነሽ «እርስዎ» ስትዪኝ ምን ያህል እንደተናደድሽ ገባኝ። እኔ አንቺ ልበልሽ።

«በ5 ተሞላ» ብለሽ አለፍሽ። ማን ሞላው? እስክሪብቶው ብድግ ብሎ ነው? ደብዳቤሽን መልሰሽ አንብቢው። ነርሱ ጋ ስትደርሺ ግሶችሽ ሁሉ ባለቤት አላቸው፤ አላየም፣ አልነገረኝም ይላል። አንቺ ጋ ሲመጣ ግን ክትባቱ ተወገደ፣ ቅጹ ተሞላ። ጡረታ ሳልወጣ ነርስ ነበርኩ፣ የቅጥር ኮሚቴ ላይም ብዙ ተቀምጫለሁ። አመልካች አንደበቱ «ተ» ማብዛት ሲጀምር እኛ ወረቀታችን ላይ መጻፍ እንጀምራለን።

ቴርሞስታቱን ማዞርሽን ልቆጣሽ አልችልም። በዚያ ሙቀት እጅ በራሱ ይሄዳል። ግን ስህተት ነው፣ ለምን ስህተት እንደሆነም አብራርተሽ መናገር አለብሽ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፍሪጁ 9 ዲግሪ ቢያሳይ ጊዜ ሲሰጡት ራሱ ይወርዳል። ለአጭር ጊዜ ከ8 በላይ መውጣት ፔንታን አይገድለውም። የኤሌክትሮኒክ መመዝገቢያው እንኳን በሙቀት በኩል የሚጮኸው ከ8 ዲግሪ በላይ 10 ሰዓት ሲቆይ ነው። በቅዝቃዜ በኩል ግን ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ወርዶ 1 ሰዓት ብቻ ከቆየ ይጮኻል። መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች የትኛውን የበለጠ እንደሚፈሩ ከዚህ ይገባሻል። እኛ ቆላ የምንኖር ሰዎች ፍርሃታችን ሁሉ ሙቀት ነው፤ በረዶ ጠላት አይመስለንም። አንቺም ቁልፉን ስታዞሪ መብራቱ ተመልሷል፣ ሌሊቱ ቀዝቅዟል፣ ፍሪጁ ያለ ዕረፍት ሠርቷል፤ ግድግዳው ጋ የተደረደረው ፔንታ በረዶ ሆነ። ይህ የድሬ ባለሙያ የሚሠራው ስህተት ነው። የክትባት መጋዘን ኮሚቴ ይህንን ሲሰማ ሥራውን እንደምታውቂው ያያል።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን አራቱ አምስቶች ናቸው። ቅዳሜ ጠዋትና ማታ፣ እሁድ ጠዋትና ማታ።

እስቲ ሳጥኖቹ ላይ በረዶውን ባታዪው ኖሮ እናስብ። እስከ ሰኞ ጠዋት ቀልጦ ቢሆንስ? ቫያሉን አንስተሽ ላዩ ላይ ያለውን የሙቀት ምልክት፣ ቪ ቪ ኤሙን፣ ታዪ ነበር። መሐል ያለው አራት ማዕዘን ከዙሪያው ክብ የነጣ ነው፣ ስለዚህ ደህና ነው ትዪ ነበር። ቪ ቪ ኤም የሚናገረው ስለ ሙቀት ብቻ ነው፤ በረዶ መትቶት ቢሆን አይነግርሽም። የሚነግርሽ ሼክ ቴስት ነው። ያንን ለማድረግ ግን መጀመሪያ መጠርጠር አለብሽ። ሆን ብለሽ አንዱን ቫያል በረዶ ታደርጊዋለሽ፣ ታቀልጪዋለሽ፣ ከተጠረጠረው ጋር እኩል ነቅንቀሽ ጎን ለጎን ታስቀምጫቸዋለሽ። የተጠረጠረው ከዚያኛው እኩል ወይም ፈጥኖ ከዘቀጠ ይጣላል። ቅጹ 5፣ 5፣ 5፣ 5 እያለ ማን ይጠረጥራል? ልጁ ይወጋል፣ እናቱ ካርዷን ይዛ ትሄዳለች፣ ክትባቱ ግን አቅሙን አጥቷል። ያንን ያስቀረው በረዶው አለመቅለጡ ነው፤ ቅጹማ ሊያሳልፈው ተዘጋጅቶ ነበር። ማስጠንቀቂያው ለአንቺ ብቻ የተጻፈው ለዚህ ይመስለኛል። እሱ ቅጹ ላይ ምንም አልጻፈም።

«እንደተለመደው» የምትለዋን ቃል ደግሞ ፈተናው ላይ እንዳታነሺያት። እውነት ናት፣ ብዙ ቦታ ይደረጋል፣ እኔም ሲደረግ አይቻለሁ። ግን አንቺ አፍ ላይ ስትሆን የመሥሪያ ቤቱን ሰው ሁሉ አብራሽ ታስከስሳለች።

ጉዳቱንም አሳንሰሽዋል። 46 ቫያል ለሰሚ ምንም አይደለም። የ10 ልጅ ቫያል ነው አይደል? 460 በዪው። «4 ቀን ጠበቅን» ያልሽውም እንደዚያው ነው። የጠበቃችሁት እናንተ አይደላችሁም። የ6 ሳምንት ልጇን አዝላ ከመልካ ጀብዱ በባጃጅ የመጣች እናት «ፔንታ የለም፣ ሌላ ቀን ነይ» ተብላ ተመልሳለች። ስንት እናቶች እንደተመለሱ፣ ከእነሱ ውስጥ ስንቶቹ እንደመጡ መዝገቡ ላይ ታገኚዋለሽ። እስከ ሐሙስ ቁጠሪው። ቁጥሩን የማያውቅ ሰው «ጉዳቱ ተሰምቶኛል» ቢል አላምነውም።

አሁን ወደ ነርሱ። «ማንም አልነገረኝም» ካለ፣ መንገር የነበረበት ማነው? የክፍሉ ተጠሪ አንቺ ነሽ። በኋላ የተረኛ ዝርዝር አውጥተሽ መለጠፍሽ እኮ ቀድሞ እንዳልነበረ ራስሽ መመስከርሽ ነው። ስለዚህ እውነቱ እሱን ሳትነኪው ሙሉ ነው። «ተረኛው አላየም» ከማለት «ማን እንደሚያነብ ጽፌ አልመደብኩም» በዪ። ሁለቱም አንድ ክፍተት ነው የሚናገሩት፤ ሁለተኛው ግን አንቺ ልትደፍኚው የምትችዪውን ያሳያል። «ለመሆኑ ተረኛ አልነበረም ወይ?» ብለው ከጠየቁሽ «ነበር፣ የእሱ ሥራ መሆኑን ግን አላሳወቅኩትም» ብለሽ አቁሚ። እዚያ ላይ አንድ ቃል ከጨመርሽ ክስ ይሆናል።

እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምለው፦

«በሰኔ አንድ አርብ መብራት ሄዶ ሲመጣ ፍሪጁ 9 ዲግሪ አሳየኝ። ፈርቼ ቴርሞስታቱን ወደ ቀዝቃዛው አዞርኩ። መጠበቅ ነበረብኝ። የክፍሉ ተጠሪ ሆኜ ቅዳሜና እሁድ ማን እንደሚያነብ አልመደብኩም ነበር። 46 ቫያል ፔንታ በረዶ መታው፣ 460 ክትባት ጣልን። ለ4 ቀን ይህን ያህል እናት ሳይከተብላቸው መለስኩ። ለማንም ልጅ አልሰጠሁም። ከዚህ የባሰው ግን፣ ያን ሰኞ ጠዋት ፍሪጁን ሳልከፍት ያላነበብኩትን የሁለት ቀን ሙቀት 5 ብዬ ጻፍኩ። ለኃላፊዬ በረዶውን ስናገር ይህንን አልነገርኩም። ሱፐርቫይዘሮች ደረሱበት፣ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። አሁን ቴርሞስታቱ ታሽጓል፣ የተረኛው ስም ፍሪጁ በር ላይ አለ፣ ያልተነበበ ቦታ ባዶ ይቀራል።»

ከ2 ደቂቃ አይበልጥም። ስንቱ እናት እንደሆነ ቁጥሩን አንቺ ሙዪው። የመጨረሻዋን፣ ባዶ የመተዉን ነገር፣ ከደብዳቤሽ አላገኘሁትም፤ እኔ ነኝ የጨመርኳት። የማታደርጊው ከሆነ አውጫት። ዛሬ ከጀመርሽም «ከዚህ ሳምንት ጀምሮ» በዪ፤ ከሰኔ ጀምሮ አስመስለሽ ብትናገሪ አምስተኛውን አምስት ጻፍሽ ማለት ነው። «ከዚያ ወዲህ ጠንቃቃ ሆንኩ» የሚባለውንም ተዪው። ጥንቃቄ ፕላስተር አይደለም፣ ማንም ሄዶ ሊያየው አይችልም።

የቅጹን ነገር ደብቄ ቴርሞስታቱን ብቻ ብናገርስ ትዪኝ ይሆናል። ትችያለሽ። ግን ለቀድሞ መሥሪያ ቤትሽ አንድ ስልክ ከደወሉ አለቀ፤ ማስጠንቀቂያው ማኅደርሽ ውስጥ ተቀምጧል። ባይደውሉም ደግሞ የምትገቢው ቀኑን ሙሉ ሙቀት የሚመዘገብበት መጋዘን ነው። እውነቱን ተናግረሽ ላይቀጥሩሽ ይችላሉ፣ አልዋሽሽም። አንዳንድ ኮሚቴ «ቅጽ ሞላሁ» የሚለውን ሰምቶ ሌላውን አይሰማም። እኔ የተቀመጥኩበት ላይ ግን እንዲህ ብሎ የነገረን ሰው ቢመጣ ኖሮ የፍሪጁን ቁልፍ ለእሱ ነበር የምሰጠው።

ሐሙስ ሳይደርስ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ያንን ነርስ ሻይ በዪውና ይህንን የ2 ደቂቃ ታሪክ መጀመሪያ ለእሱ ንገሪው። ሰምቶ ዝም ካለ ወይም ሻዩን ካማሰለ ጥሩ ነው። «እኔን ምን ውስጥ ነው ያስገባሽኝ?» ካለሽ ግን፣ አቦ፣ ቤትሽ ገብተሽ እንደገና ጻፊው።