የመጨረሻዋ ስኒ ስንት ሰዓት ላይ ትሁን?

«ከሥራ 11 ሰዓት ስገባ እናቴ ቡና አፍልታ ትጠብቀኛለች። ማታ 4 ሰዓት ላይ ተኝቼ እስከ 7 ሰዓት እገላበጣለሁ። የመጨረሻውን ቡና መቼ ብጠጣ ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ጨርሺ። ምሳ ሳይቀርብ ማለቴ ነው።

1. ሂሳቡ እንዲህ ነው። የጠጣሽው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የ11 ሰዓቱ ቡና 4 ሰዓት ስትተኚ ግማሹ አለ፣ ሌሊት 9 ሰዓትም ሩቡ አለ። ቀኑን ሙሉ አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል እንቅልፍ የሚያመጣ ነገር ይጠራቀማል። ካፌይን ደግሞ ሄዶ ቦታውን ይይዝበታል። ደክሞሻል፣ ግን አይታወቅሽም።

2. ኪኒን! ይሄን ማንም አልነገረኝም። እኔና ባሌ የምንጠጣው ከአንድ ጀበና ነው። እሱ ስኒውን አስቀምጦ ብዙም ሳይቆይ ያንኮራፋል፣ እኔ ጣሪያ ጣሪያ እያየሁ አነጋለሁ። ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ጭንቀት ነው» ብሎ የእንቅልፍ መድኃኒት ጻፈልኝ። ቡና መቼ ትጠጫለሽ? ሌላ ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ? አልጠየቀኝም። የካርድ ከፍዬ፣ ግማሽ ቀን ተሰልፌ! ማዘዣውን ይዤ መድኃኒት ቤት ስገባ ግን ፋርማሲስቷ ጠየቀችኝ፤ የወሊድ መከላከያ እንደምውጥም ነገርኳት። ኢስትሮጅን ያለበት ከሆነ ጉበት ካፌይንን የሚያስወግድበትን ፍጥነት በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል አለችኝ። 5 ሰዓት የነበረው ወደ 10 ሰዓት ይሄዳል ማለት ነው። አንቺም እንዲህ ያለ ኪኒን የምትወስጂ ከሆነ፣ የ11 ሰዓቱ ቡናሽ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ ደምሽ ውስጥ ነው፤ ላንቺ 6 ሰዓትም ረፍዷል፣ ጠዋት ብቻ ጠጪ። ኪኒኑን ግን በቡና ምክንያት እንዳታቋርጪ። እርጉዝ ከሆንሽ ደግሞ በመጨረሻዎቹ ወራት ከዚህም ይብሳል።

3. በአንዴ አትቁረጪ። ሐራራው ራስ ምታት ይዞ ይመጣና ተመልሰሽ ጀበናው ሥር ትገኛለሽ። በየጥቂት ቀኑ አንድ አንድ ሰዓት እያስቀደምሽ አምጪው። ትልቁ ጣጣ ግን የሰው ነገር ነው። አማቴ የከሰዓቱን ቡና እምቢ ስላት «ቡናዬን ናቀችው» ብላ ስንት ጊዜ አኮረፈችኝ! አሁን በረካ ሲደርስ ግማሽ ስኒ እቀበላታለሁ። አብዛኛው ካፌይን በአቦልና በቶና ወጥቷል፣ የቀረው ጥቂት ነው፤ የጥቂት ግማሽ ደግሞ ያው ጥቂት ነው። እናትሽ ጋም በዚህ ብትስማሙ ይሻላል። ብቻ «በቡናው ፈንታ ሻይ» እንዳትዪ፣ ጥቁር ሻይም ካፌይን አለው። እኔ ጠዋት አቦሌን ሞልቼ እጠጣለሁ፣ ያዘዘልኝን መድኃኒት ግን አልገዛሁትም።